ብዙ ምንጭ፣ አንድ አንቀጽ፦ ስምምነትን፣ ልዩነትንና ክፍተትን አብሮ የማሳየት አሠራር

የክለሳ ድርሳናት ምዕራፍ የሚያርም አማካሪ በመጀመሪያ የሚያየው ዐረፍተ ነገሮቹ የሚጀምሩባቸውን ቃላት ነው። «እገሌ (2014) እንዳጠናው…»፣ «እገሊት (2019) በበኩሏ…»፣ «እነ እገሌ (2021) ደግሞ…» እያሉ ከተደረደሩ፣ ቀሪውን ሳያነብ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። እያንዳንዱ ምንጭ ተራው ሲደርስ የራሱን ተናግሮ ይቀመጣል፤ አንዱ ለሌላው አይመልስም፣ ጸሐፊውም ምንም አይልም። እንዲህ ያለው አንቀጽ ስሕተት ላይኖርበት ይችላል። ችግሩ አንባቢው ራሱ ሊሠራው የማይገባውን ሥራ ማለትም ማን ከማን ጋር ይስማማል፣ የቱ ላይ ይለያያሉ፣ ያልተነካውስ የቱ ነው የሚለውን ለእሱ ትቶለት መሄዱ ነው።

አሠራሩን በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ እንከተለው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ተማሪ ገለጻ ሲከታተል ማስታወሻውን በእጁ ቢጽፍ ይሻለዋል ወይስ በላፕቶፕ ቢተይብ? ይህን የመረጥኩት ጥናቶቹ እርስ በርስ በቀጥታ ስለሚመላለሱና አለመስማማታቸውም ላይ ላዩን ከሚታየው የተለየ ሆኖ ስለሚገኝ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አንቀጽ በሚችለው ልክ ያጥብቡ

«ቴክኖሎጂ በትምህርት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የመጽሐፍ ርዕስ እንጂ የአንቀጽ ጥያቄ አይደለም። አንድ አንቀጽ የሚሸከመው ሁለት ነገሮች የሚነጻጸሩበትንና የሚለካው ውጤት በግልጽ የተቀመጠበትን ጥያቄ ነው። የእኛው ጥያቄ በእጅ መጻፍና መተየብን ያነጻጽራል፤ የሚለካውም የፈተና ውጤት ነው። ላፕቶፕ ተማሪውን ወደ ሌላ ገጽ እየወሰደ ሐሳቡን ይበትነዋል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ ሌላ አንቀጽ ይፈልጋል። እዚህ ከተቀላቀለ፣ በኋላ «አይስማሙም» የምንላቸው ምንጮች እንዲያው ስለተለያየ ነገር የሚናገሩ ሆነው ይገኛሉ።

ደረጃ 2፦ ከመጻፍ በፊት ሠንጠረዥ ይሥሩ

አንድ ረድፍ ለአንድ ምንጭ፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ጥያቄ ይስጡ። ዓምዶቹን የሚሞሉት ከጥናቱ ማጠቃለያ ሳይሆን ስለ አሠራሩና ስለ ውጤቱ ከሚናገረው ክፍል ቢሆን ይመረጣል፤ በማጠቃለያው ውስጥ አጥኚው ሊያጎላው የፈለገው ነገር ይበዛልና። የእኛ ሠንጠረዥ እንዲህ ይሆናል።

| ምንጭ | ምን ተደረገ | ማስታወሻው | የፈተናው ውጤት |
|---|---|---|---|
| ሙለርና ኦፐንሃይመር (2014) | ሦስት ሙከራዎች፤ በቪዲዮ የታየ አጭር ገለጻ፤ በሦስተኛው ሙከራ ፈተናው ከሳምንት በኋላ፣ ለከፊሎቹ ማስታወሻቸውን የማንበቢያ ጊዜ ተሰጥቶ | በላፕቶፕ ብዙ ቃላት፣ ብዙ ቃል በቃል ቅጂ | በመጀመሪያው ሙከራ በመረጃ ጥያቄ እኩል፣ በጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ በእጅ የጻፉት በለጡ |
| ሞርሄድና ሌሎች (2019) | ያንኑ ደግመው ሠሩ፤ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚጽፉና ማስታወሻ የማይዙ ቡድኖችንም ጨመሩ | — | በእጅ ወደ መጻፍ ያዘነበለ ምልክት፣ ግን ወጥ ልዩነት የለም፤ ማስታወሻው ከተጠና በኋላ ልዩነቱ ይበልጥ ጠበበ |
| ኡሪና ሌሎች (2021) | የመጀመሪያውን ሙከራ ደገሙ፤ ላፕቶፕ 74፣ በእጅ 68 ተማሪዎች፤ የማንበቢያ ጊዜ የለም | በላፕቶፕ ብዙ ቃላት፣ ብዙ ቃል በቃል ቅጂ | የላፕቶፕ ቡድን አላነሰም፤ ስምንት ተመሳሳይ ጥናቶች ሲደመሩም ያው |
| ፍላኒጋንና ሌሎች (2024) | 24 ጥናቶችን ያካተተ ጥቅል ትንታኔ፤ ማስታወሻ መያዝና መከለስ | በላፕቶፕ ብዙ (የልዩነት መጠን 0.919) | በእጅ የጻፉት በለጡ (የልዩነት መጠን 0.248) |

በሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ሰረዝ የመዘንጋት ውጤት አይደለም። ለዚህ አንቀጽ ከዚያ ጥናት የወሰድኩት የፈተናውን ውጤት ብቻ ስለሆነ፣ በማስታወሻው መጠን ላይ ስጽፍ እሱን አልጠቅስም ማለት ነው። ባዶ ሳጥን ባዶ ሆኖ ይቆይ። «እነሱም ያንኑ ሳያገኙ አይቀሩም» ተብሎ በግምት የሚሞላ ሳጥን በኋላ በቅንፍ ውስጥ የሐሰት ጥቅስ ሆኖ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ ሠንጠረዡን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ያንብቡ

ረድፉን ወደ ጎን ያነበበ ሰው የሚጽፈው መግቢያው ላይ ያነሣሁትን የተራ አንቀጽ ነው። ዓምዱን ወደ ታች ሲያነቡ ግን ምንጮቹ ይገናኛሉ።

«ማስታወሻው» የሚለውን ዓምድ ወደ ታች ይውረዱ። በላፕቶፕ የሚጽፍ ብዙ ይጽፋል፤ ይህን የያዙት ሦስቱም ረድፎች አንድ ናቸው። ቃል በቃል መገልበጡ ደግሞ በሁለቱ ተመዝግቧል። ይህ ስምምነት ነው፤ በአንቀጹ ውስጥም አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቀላሉ ስለሆነ ስምምነቱን ያረዝመውና ልዩነቱን በአንድ «ይሁን እንጂ» ያልፈዋል። ቦታ የሚሻው ልዩነቱ ነው።

ከስምምነቱ ሳንወጣ አንድ ነገር እንመርምር፤ ምንጮቹ በእርግጥ የተለያዩ ምስክሮች ናቸው? ጥቅል ትንታኔ በባሕርዩ ሌሎች ጥናቶችን በውስጡ ይይዛል። አራት ምንጭ የጠቀሱ መስሎዎት አንዱን ሙከራ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥቅል ትንታኔ በሠንጠረዥዎ ውስጥ ካለ፣ ያካተታቸውን ጥናቶች ዝርዝር ገልጠው የእርስዎ ሌሎች ምንጮች አሉበት ወይ የሚለውን ያረጋግጡ። ካሉበት «አራት ጥናቶች ይስማማሉ» የሚለው አነጋገር ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ልዩነቱ የእውነት መሆኑን ይፈትኑ

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። የመጨረሻውን ዓምድ ላይ ላዩን ያነበበ «ሁለቱ በእጅ መጻፍ ይበልጣል አሉ፣ ሁለቱ አይበልጥም አሉ» ይላል። ይህ የድምፅ ቆጠራ ነው፤ ስለ ማስረጃው የሚነግረን ነገር ግን ጥቂት ነው። ከመቁጠር ይልቅ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው፣ የለኩት አንድ ነገር ነውን? በመጀመሪያው የ2014 ሙከራ በመረጃ ጥያቄዎች ልዩነት አልነበረም፤ የታየው በጽንሰ ሐሳብ ጥያቄዎች ላይ ነው። ስለዚህ «በእጅ የጻፉት በፈተና በለጡ» ብሎ በደፈናው መጻፍ ምንጩን ማዛባት ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ያደረጉት አንድ ነገር ነውን? እዚህ ላይ ልዩነቱን ሊያስረዳ የሚችል ነገር ብቅ ይላል። ኡሪና ሌሎች ተማሪዎቹን የማንበቢያ ጊዜ ሳይሰጡ ፈተኑ። የ2024ቱ ጥቅል ትንታኔ ደግሞ ማስታወሻን መያዝንም መከለስንም ይመለከታል። የ2014ቱ ሦስተኛ ሙከራም እንደዚሁ፣ በእጃቸው ጽፈው ከፈተናው በፊት የማንበብ ዕድል ያገኙት ተማሪዎች የበለጡበት ነው። «እንግዲያው ጥቅሙ ያለው በመከለሱ ላይ ነው» ብሎ አንቀጹን መዝጋት ያጓጓል። ሠንጠረዡ ግን አይፈቅድም፤ በሞርሄድና በሌሎች ሙከራ ተማሪዎቹ ማስታወሻቸውን ካጠኑ በኋላ ልዩነቱ ይበልጥ ጠቧል እንጂ አልሰፋም። የራሱ የ2014ቱ የመጀመሪያ ሙከራም ልዩነቱን ያገኘው ያለ ክለሳ ነው። ስለዚህ ክለሳን እንደ ግምታዊ ምክንያት ማቅረብ ይቻላል፤ የሚቃረነውን ማስረጃ ግን በዚያው ዐረፍተ ነገር ወይም በሚቀጥለው አብሮ ማቅረብ ግድ ነው። ያማረ ማብራሪያ ሲገኝ የማይገጥመውን ረድፍ ዝም ብሎ መዝለል በክለሳ ድርሳናት ውስጥ ከሚታዩት ጥፋቶች ሁሉ የከፋ ይመስለኛል፤ ምንጩን ራሱ ላላነበበ አንባቢ ጨርሶ አይታይምና።

ሦስተኛው፣ «ልዩነት አላገኘም» ማለት «ልዩነት የለም» ማለት ነውን? አይደለም። የ0.248 የልዩነት መጠን፣ ማለትም የሁለቱ ቡድኖች አማካይ ልዩነት ከውጤቶቹ የተለመደ መበታተን አንጻር ሲለካ፣ ትንሽ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በእርግጥ ካለ፣ አንድ ነጠላ ሙከራ በተለመደው ስሌት (ልዩነቱን የማግኘት ዕድሉ 80 በመቶ እንዲሆን) በየቡድኑ ወደ 250 ተማሪ ያስፈልገዋል። ኡሪና ሌሎች የነበሯቸው 74ና 68 ናቸው። እንግዲህ ያ ሙከራ ብቻውን ትልቅ ልዩነት መኖሩን አጠራጣሪ ያደርጋል እንጂ ትንሹን ልዩነት ውድቅ ሊያደርግ አይችልም። ስምንት ጥናቶችን መደመራቸው ክርክራቸውን ያጠነክረዋል፤ እነሱ ራሳቸው ግን ይህን ድመራ ያቀረቡት እንደ ቅኝት እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይደለም። የስሌት ሥልጠና የሌለው ጸሐፊ ይህን ሁሉ ማስላት አይጠበቅበትም፤ የተጠኚዎቹን ቁጥር ከልዩነቱ መጠን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ግን ማንም ይችላል።

በሞርሄድና በሌሎች ጥናት ውስጥ ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በሁለተኛው ሙከራቸው ምንም ማስታወሻ ያልያዙት ተማሪዎች እንኳ ከሌሎቹ ወጥ በሆነ መልኩ አልተለዩም። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ስለ ላፕቶፕ ሳይሆን ስለ ፈተናው ነው። ማስታወሻ የያዘውንና ያልያዘውን በማይለይ ሁኔታ ውስጥ የአያያዙ ዘዴ ልዩነት ባይታይ ምን ይደንቃል? ይህ የእኔ ንባብ እንጂ የእነሱ ግኝት አይደለም፤ በአንቀጹ ውስጥ ከገባም እንደዚያው ተለይቶ መግባት አለበት።

ደረጃ 5፦ ክፍተቱን በስሙ ይጥሩት

«ወደፊት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው በማንኛውም ርዕስ መጨረሻ ላይ ቢለጠፍ ስለሚገጥም ምንም አይናገርም። ክፍተት ማለት ማን፣ ምን፣ በምን ሁኔታ እንዳልተጠና መግለጽ ነው። በእኛ ሠንጠረዥ ሁለት ክፍተቶች ይታዩኛል። አንደኛው የተጠኚዎቹ ነው፤ አራቱም ምንጮች የሚናገሩት ስለ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ተማሪዎች ነው። ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከእነዚህ ተነሥቶ መናገር አይቻልም። ሁለተኛው ደግሞ ከልዩነቱ የሚወለድ ነው፦ ክለሳ ልዩነቱን ያሰፋዋል ወይስ ያጠበዋል የሚለው አልተቋጨም። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የአንቀጹ ክርክር ራሱ የሚያመጣው ክፍተት ከውጭ ከሚጨመር ይልቅ ጠንካራ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው አነጋገሩ ነው። አራት ምንጭ አንብቦ «እስካሁን ማንም አላጠናውም» ማለት አይቻልም። «እዚህ የተቃኙት ጥናቶች አልመለሱትም» ይበሉ። ማንም አላጠናውም ለማለት በሰፊው ፈልጎ ማጣትን ይጠይቃል።

ደረጃ 6፦ አንቀጹን ይጻፉ

አሁን ሠንጠረዡን ከፊትዎ አድርገው፣ ጥናቶቹን ራሳቸውን ግን ዘግተው ይጻፉ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የማንም አጥኚ ስም አይኑርበት፤ ስለ ማስረጃው በአጠቃላይ እርስዎ የደረሱበትን ይናገር። ስሞቹ በቅንፍ ይግቡ፤ በአንድ ግኝት የሚስማሙት በአንድ ቅንፍ ይሰብሰቡ። ስም ወደ ዐረፍተ ነገሩ ፊት የሚወጣው ያ ምንጭ ለብቻው ቆሞ ሌላውን ሲቃረን ብቻ ነው።

የሚከተለው የተጠናቀቀው አንቀጽ ነው።

> ማስታወሻን በእጅ መጻፍና በላፕቶፕ መተየብ የተለያየ ማስታወሻ እንደሚያስገኙ ጸንቶ ቢገኝም፣ በእጅ መጻፍ የፈተና ውጤትን ያሻሽላል የሚለው ገና አከራካሪ ነው። በላፕቶፕ የሚጽፉ ተማሪዎች ብዙ ይመዘግባሉ (ሙለርና ኦፐንሃይመር፣ 2014፤ ኡሪና ሌሎች፣ 2021፤ ፍላኒጋንና ሌሎች፣ 2024)፤ የተናጋሪውንም ቃል እንዳለ የመገልበጥ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነው (ሙለርና ኦፐንሃይመር፣ 2014፤ ኡሪና ሌሎች፣ 2021)። ይህ የአጻጻፍ ልዩነት ወደ ፈተና ውጤት ይሻገራል ወይ በሚለው ላይ ግን ግኝቶቹ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሙከራ በጽንሰ ሐሳብ ጥያቄዎች ላይ በእጅ የጻፉት መብለጣቸውን ቢዘግብም (ሙለርና ኦፐንሃይመር፣ 2014)፣ ሙከራውን የደገሙት ሁለት ጥናቶች ወጥ የሆነ ብልጫ አላገኙም (ሞርሄድና ሌሎች፣ 2019፤ ኡሪና ሌሎች፣ 2021)። በሌላ በኩል 24 ጥናቶችን ያካተተ ጥቅል ትንታኔ ለእጅ ጽሑፍ ያደላ ትንሽ ብልጫ አሳይቷል (ፍላኒጋንና ሌሎች፣ 2024)፤ በነጠላ ሙከራዎቹ የነበሩት ተማሪዎች ቁጥር ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ለመለየት የሚበቃ ላይሆን ስለሚችል ሁለቱ ውጤቶች የግድ አይጋጩም። ጥቅል ትንታኔው ማስታወሻን መከለስን ስለሚጨምር ብልጫው የሚመጣው በክለሳ ጊዜ ነው ብሎ መገመት ይቻል ነበር፤ ሞርሄድና ሌሎች (2019) ግን ተማሪዎች ማስታወሻቸውን ካጠኑ በኋላ ልዩነቱ ይበልጥ መጥበቡን ተመልክተዋል። በመሆኑም ክለሳ የእጅ ጽሑፍን ጥቅም ያጎላዋል ወይስ ያጠፋዋል የሚለውን እዚህ የተቃኙት ጥናቶች አልመለሱትም፤ ሁሉም በከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ላይ የተወሰኑ በመሆናቸውም ስለ ሌሎች ተማሪዎች የሚሉት የለም።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የአጥኚ ስም ዐረፍተ ነገሩን ተሸክሞ የቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሞርሄድና ሌሎች አጓጊውን ግምት በሚያፈርሱበት ቦታ። ስለ ማስታወሻ ያልያዙት ተማሪዎች የጻፍኩትን ደግሞ ትቼዋለሁ። የራሴ ንባብ ስለሆነ ራሱን የቻለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ እዚህ ቢጨመር አንቀጹ ሁለት ክርክር ይሸከማል።

በግሦቹም ላይ አንድ ቃል። «አረጋገጠ» የሚለውን ከአንድ ሙከራ ጋር አያስቀምጡ። «ዘገበ»፣ «አሳየ»፣ «ተመለከተ» ለግኝት ይሆናሉ፤ «ተከራከረ»ና «ሐሳብ አቀረበ» ደግሞ ያለ መረጃ ለተነገረ አስተያየት። «በአንጻሩ»ን የእውነት ተቃርኖ ከሌለ አይጠቀሙበት። ሁለተኛው ምንጭ ሌላ ነገር ስለተናገረ ብቻ «በአንጻሩ» ተብሎ የሚጀመረው ዐረፍተ ነገር በየተሲሱ ሞልቷል።

ደረጃ 7፦ አንቀጹን ይፈትሹ

በቅንፍ ያሉትን ስሞች በሙሉ በጣትዎ ሸፍነው አንቀጹን ያንብቡ። ክርክሩ ያለ እነሱ ከቆመ ደህና ነው፤ ከፈረሰ አንቀጹ አሁንም የስም ዝርዝር ነው። ቀጥሎ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ቦታ አለዋውጡ። ምንም ነገር ካልተበላሸ አንዱ ከሌላው ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ከላይ ባለው አንቀጽ የክለሳውን ግምት ከጥቅል ትንታኔው በፊት ብናመጣው ትርጉም ያጣል፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ አሰልቺ ቢሆንም አይዘለልም። እያንዳንዱን ቅንፍ ይዘው ወደ ሠንጠረዡ ይመለሱና ጥቅሱ የቆመበትን ሳጥን ያግኙ። በአንድ ቅንፍ ውስጥ ሦስት ስም ካለ፣ ሦስቱም ያንኑ ነገር ማለታቸውን ለየብቻ ያረጋግጡ። የማይሆነው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ሁለቱ በትክክል ይላሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተቀራራቢ ነገር ብቻ ብሎ ከእነሱ ጋር ተጎትቶ ገብቷል። በእኛ አንቀጽ ስለ ቃል በቃል ቅጂ የሚናገረው ቅንፍ ሁለት ስም ብቻ የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የ2024ቱ ረድፍ ስለ ብዛት እንጂ ስለ ቅጂ የመዘገብኩት ነገር አልነበረውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቅንፍ ውስጥ ቀርቶ ወደ ሁለተኛው አልተሻገረም።